የዲፕ ፍሪዘር በረዶ በምን ይውጣ? ጊዜ፣ ቬንትሌተር፣ ድስት ወይስ ፎን

ከሰሙነ ሕማማት መግቢያ እስከ ፋሲካ ዋዜማ ስልኬ አያርፍም። ሁዳዴን ሙሉ ዲፕ ፍሪዘሩ ግማሽ ባዶ ሆኖ ይከርማል። ዶሮውና በጉ ሊመጣ ሲል የቤቱ እመቤት ክዳኑን ከፍታ ስታይ ግድግዳው ነጭ ሆኖ አብጧል። «አሁን ካላጸዳሁት መቼ ላጸዳው ነው?» ትላለች፤ ልክ ናት፣ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ችግሩ ቀጥላ በምታነሣው ዕቃ ላይ ነው። ፍሪጅ መጠገን ሥራዬ ስለሆነ በዚያ ሳምንት የምሰማው ጥሪ አንድ ዓይነት ነው፦ «በቢላዋ ትንሽ ነካ ነካ ሳደርገው ሽሽሽ አለ፤ ምን ይሆን?»

ምን እንደሆነ ገና ሳልሄድ አውቀዋለሁ። ጋዙ ወጥቷል። ያ ፍሪዘር ለፋሲካ አይደርስም፤ አንዳንዱ ጭራሽ አይመለስም።

በረዶ ለማውጣት ሰው የሚጠቀምባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። ከታች አንድ በአንድ አነጻጽራቸዋለሁ፤ ከዚያ በፊት ግን ከግድግዳው ጀርባ ያለውን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል፣ ምርጫውን የሚወስነው እሱ ነውና።

ከግድግዳው ጀርባ

ከላይ የሚከፈተው ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ ቅዝቃዜ የሚሠራው ዕቃ ለብቻው አይታይም። ጋዙ የሚዞርበት ቀጭን ቱቦ የውስጡን ግድግዳ ከጀርባ በኩል እየተጠመጠመ ተጣብቆበታል፤ ከቱቦው ውጭ ደግሞ ፎም ተሞልቷል። ስለዚህ በእጃችሁ የምትነኩት የውስጥ ግድግዳ ራሱ ነው የሚያቀዘቅዘው። ግድግዳው በአብዛኛው ስስ አሉሚኒየም ወይም ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ነው፤ አንዳንዱ ፕላስቲክ ነው። ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ ብዙ ነው። የቢላዋ ጫፍ በረዶውን ሰንጥቆ ሲያልፍ የሚያገኘው ይህን ስስ ሽፋን ነው፣ ከሱ ቀጥሎ ደግሞ ቱቦውን።

ቱቦው ከተበሳ መጠገን ለምን እንደሚከብድ ከዚህ ይገባችኋል። ቀዳዳው ያለው በግድግዳና በፎም መካከል ነው። ፎሙን ቆፍሮ ቦታውን ማግኘት፣ አሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ መበየድ፣ ሁለቱም አስቸጋሪ ነው። ብዙ ጊዜ የምናደርገው የድሮውን ቱቦ ትቶ አዲስ የመዳብ ቱቦ በፍሪዘሩ ውስጥ ዙሪያውን ማዞር ነው። ይሠራል፤ ግን ቦታ ይይዛል፣ ያምራልም አልልም፣ ወጪውም ቀላል አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ አሁኑኑ ተመልከቱ። ከፍሪዘሩ ጀርባ ወይም ከሞተሩ አጠገብ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ። R600a የሚል ከሆነ ውስጡ ያለው ጋዝ አይሶቡቴን ነው፤ የሲሊንደር ጋዝ ዘመድ ነው፣ ይቀጣጠላል። መጠኑ ትንሽ ነው፣ ለቤት ዕቃ ብዙውን ጊዜ ከ150 ግራም አይበልጥም። ነገር ግን ከአየር ስለሚከብድ ቀዳዳው ከፍሪዘሩ ውስጥ ከሆነ እንደ ጉድጓድ ባለው ሳጥን ግርጌ ይጠራቀማል። ሽታ የለውም። R134a የሚል ከሆነ አይቀጣጠልም፣ ኪሳራው ብቻ ነው።

በረዶው የሚመጣው ደግሞ ከሌላ ቦታ ሳይሆን ከቤታችሁ አየር ነው። ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር እርጥብ አየር ይገባል፣ ውኃው ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ይቀመጣል። ለዚህ ነው በረዶው ከታች ይልቅ ከላይ፣ ከክዳኑ በታች ባለው ዙሪያ የሚወፍረው። ይህ የላዩ በረዶ እንደ ጥጥ የሳሳ ነው፣ አየር ስላለበት ቅዝቃዜውን ከምግቡ ይለያል፣ ሞተሩም ያለ ዕረፍት ይሠራል። ወደ አንድ ሳንቲ ሜትር ሲጠጋ፣ የትንሽ ጣት ውፍረት ሲያህል በሉት፣ ጊዜው ደርሷል። ከታች ያለው በረዶ ግን ሌላ ነው። መብራት ጠፍቶ ቆይቶ ሲመለስ የቀለጠው ውኃ ግርጌ ላይ ተመልሶ በረዶ ይሆናል፤ ፌስታሉን ከወለሉ ጋር አጣብቆ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ቢላዋ የሚያስነሣው ይሄኛው ነው።

ክዳኑን ከፍቶ መተው

ለግድግዳው ከሁሉም የሚሻለው ይህ ነው። ከሶኬት ትነቅሉታላችሁ፣ ምግቡን ታወጣላችሁ፣ ክዳኑን ትከፍቱታላችሁ፣ ትጠብቃላችሁ። የሚሞቅ፣ የሚስል፣ የሚቃጠል ነገር የለም። ማታ ከፍቶ ጠዋት ማጽዳት የሚችል ሰው ከዚህ ወዲያ ማንበብ አያስፈልገውም።

ግን ጊዜው ይረዝማል፤ ሰው ከሚገምተው በላይ ይረዝማል። ቋሚው ፍሪጅ በሩ ሲከፈት ቀዝቃዛው አየር በእግራችሁ ላይ ፈስሶ ይወጣል፣ ሞቃቱ ይተካል። ዲፕ ፍሪዘር ግን በርሜል ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ክዳኑ ቢከፈትም እንደ ውኃ እዚያው ተኝቶ ይቀራል፣ የቤቱ ሙቀት ከላይ ከላይ ብቻ ይነካዋል። ስለዚህ የላዩ በረዶ በጥቂት ሰዓት ሲለቅ የታችኛው ድንጋይ እስከ ማግስቱ ሊቆይ ይችላል። ክረምት ላይ፣ ቤቱ ራሱ ሲቀዘቅዝ፣ ይብሳል።

ይህን በአንድ ዕቃ ማሻሻል ይቻላል፦ ቬንትሌተር። ከፍሪዘሩ ውጭ በርጩማ ላይ ታስቀምጡታላችሁ፣ ፊቱን ወደ ታች ዘንበል አድርጋችሁ የተኛውን ቀዝቃዛ አየር እንዲያባርር ትለቁታላችሁ። ሙቀት አይጨምርም፤ የክፍሉን አየር ወደ በርሜሉ ግርጌ ማውረድ ብቻ ነው ሥራው፣ ያ ግን ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ለግድግዳው እንደ መጀመሪያው ያህል ገር ነው። መጠንቀቅ ያለባችሁ ቬንትሌተሩ ወደ ውስጥ እንዳይወድቅና ገመዱ ከሚንጠባጠበው ውኃ እንዲርቅ ብቻ ነው። በኔ ግምት ቬንትሌተር ያለው ቤት ክዳን ከፍቶ ብቻ መጠበቅ የለበትም።

የፈላ ውኃ በድስት

አክስቴ ትዕግሥት የላትም። ባለፈው ዓመት ሕማማት ረቡዕ ስደርስ ቢላዋው ወጥቶ ክዳኑ ላይ ተቀምጧል።

«አክስቴ፣ ይሄ ለምንድን ነው?»

«ለጌጥ ነው! አንተ ልጅ፣ ከሰዓት በኋላ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፣ እስከዚያ ካላለቀ ዶሮዎቹን የት ላድርጋቸው?»

ፍሪዘሯ ወደ 200 ሊትር የሚይዝ ነው። የላዩ ዙሪያ በረዶ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ደርሷል፤ ግርጌው ላይ ሁለት የበርበሬ ፌስታል ተጣብቀው ቀርተዋል። ጊዜ ስለሌላት የመረጥነው ድስት ነው፤ እንዴት እንዳደረግነው እንዳለ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ከሶኬት ነቀልነው። ቁልፉን ዜሮ ላይ በማድረግ ብቻ አልቆምንም፣ መሰኪያው ራሱ ወጣ። ቅርጫቱን አወጣን። ከታች የፍሳሽ ቀዳዳው ያለበትን አየን፤ ብዙ ዲፕ ፍሪዘሮች ወለላቸው ላይ አንድ ውታፍ፣ ከውጭ በኩል ደግሞ ግርጌ ላይ ሌላ ውታፍ አላቸው። ሁለቱንም ከፍተን ከውጭው ሥር ዝርግ ትሪ አስገባን። የናንተ ቀዳዳ ከሌለው በስፖንጅና በኩባያ ትቀዱታላችሁ፤ ወለል ላይ አሮጌ ፎጣ ማንጠፍ ነው።

ከዚያ የሽንኩርት መክተፊያ እንጨቷን ወለሉ ላይ አደረግንና ከላዩ የታጠፈ ፎጣ ጨመርንበት። ይህን አትዝለሉ። የጋለ ድስት በቀጥታ ፕላስቲክ ወለል ላይ ከተቀመጠ ወለሉ ይለሰልስና ይጣመማል፤ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ ከሆነ ቀለሙ ያብጣል። በእንጨቱ ላይ እያንዳንዳቸው አራት ሊትር የሚያህል ውኃ የያዙ ሁለት ድስቶች አስቀመጥን። ምድጃው ላይ ፈልተው ነው የመጡት፤ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ እሱም ይበቃል።

የድስቶቹን ክዳን አልገጠምንም። አክስቴ ልትከድናቸው ነበር፣ «እንፋሎቱ ይባክናል» ብላ። የሚፈለገው ግን እንፋሎቱ ነው። እንፋሎት ቀዝቃዛው በረዶ ላይ ሲያርፍ ተመልሶ ውኃ ይሆናል፣ በዚያች ቅጽበት የያዘውን ብዙ ሙቀት ለበረዶው ይሰጣል። ሞቃት አየር ብቻውን ይህን ያህል አይሠራም። ክዳን ያለው ድስት የሚያሞቀው አጠገቡ ያለውን ብቻ ነው፤ ክፍት ድስት ጥግ ድረስ ይደርሳል። የድስቶቹን ክዳን ትተን የፍሪዘሩን ክዳን ዘጋን።

ስንት ድስት እንደሚያስፈልግ በስሌት መገመት ይቻላል። አንድ ኪሎ በረዶን ከፍሪዘር ቅዝቃዜ አንሥቶ ውኃ ለማድረግ 370 ኪሎ ጁል ያህል ይፈልጋል። አራት ሊትር የፈላ ውኃ ሠላሳ ዲግሪ ሲቀዘቅዝ የሚሰጠው 500 ኪሎ ጁል ያህል ነው። ሁለት ድስት በአንድ ዙር 1000 ገደማ ማለት ነው፤ ሁሉም በረዶው ላይ ቢውል ሦስት ኪሎ አይሞላም የሚያቀልጠው። ከፊሉ ግን በግድግዳውና በአየሩ ላይ ይጠፋል። ስለዚህ በአንድ ድስት ተአምር የሚጠብቅ ሰው ተናዶ ቢላዋ ያነሣል። ከመጀመሪያው ሦስት ዙር እንደሚያስፈልግ አውቆ የገባ ግን ቡናውን ያፈላል።

በየሃያ ደቂቃው ከፍተን ድስቶቹን አወጣን፣ ውኃውን አሙቀን መለስን። በመጀመሪያው ዙር የተለወጠ ነገር የለም ብላችሁ ትገምታላችሁ፤ በረዶው እርጥብ ሆኖ ማንጸባረቅ ብቻ ጀመረ። በሁለተኛው ዙር ከላይኛው ጠርዝ ላይ በበረዶውና በግድግዳው መካከል ቀጭን የውኃ መሥመር ታየ። ትልቁ ምልክት ይህ ነው፤ በረዶው ከግድግዳው ለቅቋል ማለት ነው። እጄን አስገብቼ በመዳፌ ስገፋው እንደ ሰሌዳ ተገንጥሎ ወደቀ። ቀልጦ እስኪያልቅ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የሚለቅቀው ሰሌዳ በሳፋ ይወጣል። በሦስተኛው ዙር ግርጌው ላይ ያለው ድንጋይ ላላ፣ የበርበሬው ፌስታሎች ሳይቀደዱ ተነሡ። ጠቅላላው አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ። በሳፋ ያወጣነው በረዶ ኋላ ሲቀልጥ ከትሪው ውኃ ጋር ስድስት ሊትር ያህል ሆነ።

የድስቱ አደጋ በግድግዳው ላይ ሳይሆን በሰው ላይ ነው። የፈላ ድስት ከወገብ በላይ አንሥቶ ጥልቅ ሳጥን ውስጥ ጎንበስ ብሎ ማስቀመጥ ቀላል አይደለም፤ ወለሉ ደግሞ ረጥቧል። ለአንድ ሰው የሚከብደው ከሆነ ድስቱን ባዶውን አስቀምጣችሁ ውኃውን በማንቆርቆሪያ ሙሉት። ልጆች ከዚያ ክፍል ይውጡ። ሌላው፣ የፈላውን ውኃ በቀጥታ ግድግዳው ላይ አትርጩ። ቀዝቃዛ ፕላስቲክ ድንገት ሲሞቅ ይሰነጠቃል፣ የሚፈሰውም ውኃ በስንጥቁ ወደ ፎሙ ይገባል። ፎም አንዴ ከረጠበ አይደርቅም፣ ቅዝቃዜም አይዝም።

ፎን

ከድስት የሚፎካከረው የፀጉር ማድረቂያ ፎን ነው፤ ብዙ ሰው የሚወደውም እሱን ነው፣ ውጤቱ ወዲያው ስለሚታይ። የላዩን ዙሪያ፣ በተለይም ክዳኑ የሚያርፍበትን ከንፈር፣ ለማጽዳት ጥሩ ነው። ግድግዳውን ሙሉ በፎን ማድረግ ግን ሁለት ችግር አለበት።

አንደኛው ሙቀቱ አንድ ቦታ ላይ ማረፉ ነው። ድስቱ ሳጥኑን ሁሉ አንድ ላይ ያሞቃል፤ ፎኑ የአንድ መዳፍ ስፋት ብቻ። እጅ ሲሰለች አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፣ በረዶው ካለቀ በኋላ ፕላስቲኩን ማሞቅ ይቀጥላል። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ስንዝር ማራቅ፣ መሃለኛ ሙቀት ላይ ማድረግና እጅን ያለማቋረጥ ማንቀሳቀስ ነው። ግድግዳውን በሌላው እጅ ንኩት፤ ለብ ማለት ብቻ አለበት፣ እጅ ሲያቃጥል አልፏል።

ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል፦ ኤሌክትሪክ ያለበትን ዕቃ እርጥብ ብረት ሳጥን ውስጥ አጎንብሶ መያዝ ነው። ፍሪዘሩ ተነቅሏል፣ ፎኑ ግን አልተነቀለም። እጃችሁ ይረጥባል፣ ውኃው ይንጠባጠባል፣ ማራዘሚያው ደግሞ ብዙ ጊዜ እግር ሥር ነው ያለው። ማራዘሚያውን ከፍ ያለ ደረቅ ቦታ ላይ አድርጉ፣ ፎኑንም ከከንፈሩ በታች አታውርዱት። ማታ በደከማችሁ ሰዓት ይህን አትምረጡ። ቀደም ሲል በቢላዋ የተነካካ R600a ፍሪዘር ከሆነ ደግሞ በጭራሽ፤ ግርጌው ላይ ጋዝ ተኝቶ ሊሆን ይችላል፣ ፎን ውስጡ የጋለ ሽቦ አለው።

ፎን ለሌለው ወይም ለሚፈራ ሰው ከንፈሩን ለማጽዳት የተሻለ መላ አለ። ወፍራም ጨርቅ በሞቀ ውኃ ነክራችሁ ጨምቃችሁ በረዶው ላይ ታስተኙታላችሁ፣ ለአንድ ሁለት ደቂቃ፣ ሲቀዘቅዝ እንደገና። አድካሚ ነው፤ ግን ከንፈሩ ጠባብ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል፣ ምንም አያበላሽም።

የማላስገባቸው

ቢላዋ፣ ካቻቢቴ፣ መዶሻ፣ የብረት ማንኪያ፦ እነዚህን ማነጻጸር አያስፈልግም። «ቀስ አድርጌ» የሚባል ነገር የለም፤ በረዶ ሲሰበር ድንገት ነው የሚሰበረው፣ እጅ የሚገፋው ኃይል በዚያች ቅጽበት ወደ ግድግዳው ይሄዳል። መፋቂያ ካስፈለገ የእንጨት ማማሰያ ወይም ጠርዙ ያልሰላ የፕላስቲክ መፋቂያ፣ እሱም በረዶው ለስልሶ ከግድግዳው መልቀቅ ከጀመረ በኋላ ብቻ። ደረቅ በረዶን የሚፈልጥ ማንኛውም ነገር ግድግዳውንም ይጎዳል።

ጨው የሚነሰንሱ አሉ። ጨው በረዶን ያቀልጣል፣ እውነት ነው፤ የጨው ውኃ ግን አሉሚኒየም ይበላል፣ በብሎኖቹና በስንጥቆቹ ተደብቆ ከዓመት በኋላ ቱቦውን ራሱ ሊበሳው ይችላል። ቀለም የሚያስለቅቀው የሙቀት ጠመንጃ ለፕላስቲክ ከመጠን በላይ ነው። በእንፋሎት ማጽጃ ማሽን በኃይል መርጨትም እንዲሁ፣ ወደ ጎማውና ወደ ስፌቱ ይገባል። የከሰል ማንደጃ አጠገቡ አስጠግቶ የሚያሞቅ ሰው አንድ ጊዜ አይቻለሁ፤ የክዳኑ ጎማ ቀልጦ ተጣብቆ ነው የጠሩኝ። ቤት ዘግቶ ከሰል ማንደድ ለሰውም አደገኛ ነው።

ሽሽ የሚለው ድምፅ ከተሰማ፦ ክዳኑን ክፍት ተዉት፣ መስኮትና በር ክፈቱ፣ ክብሪት አትጫሩ፣ የመብራት ማብሪያና ማጥፊያ አትንኩ፣ ምድጃው በእሳት ላይ ካለ ግን አጥፉት። ፍሪዘሩ አስቀድሞ የተነቀለ መሆኑ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። መልሳችሁ አትሰኩት። ድምፁ ሳይሰማ የተበሳ እንደሆነ ደግሞ በኋላ ይታወቃል፦ ሞተሩ ሳያቋርጥ ይሠራል፣ ግድግዳው ግን አይቀዘቅዝም፣ ወይም አንድ ጥግ ብቻ ይቀዘቅዛል። አንዳንዴ በተወጋው ቦታ ላይ የዘይት እድፍ ይታያል።

ምግቡ የት ይቆይ

ምርጫችሁን የሚወስነው ሌላው ነገር ይህ ነው። ባዶ ፍሪዘር ያለው ሰው በቬንትሌተር ቀኑን ሙሉ ቢጠብቅ ምንም አይደለም። ሥጋ ያለበት ሰው ግን ሰዓት ይቆጥራል።

በደንብ የበረደ ሥጋ ወዲያው አይቀልጥም። አስቀድማችሁ ባለው ቀን ቁልፉን እስከ መጨረሻው ቅዝቃዜ አድርጉት። ጠዋት ስታወጡት እርስ በርሱ ተጠጋግቶ፣ አንድ ክምር ሆኖ ይውጣ፤ ለብቻው የተቀመጠ ቁራጭ ቶሎ ይለቃል። የበረዶ ሳጥን ከሌለ ካርቶን ውስጥ አድርጋችሁ በጋቢ ጠቅልሉት። ጋቢ ሰውን የሚያሞቀው ሙቀት ስላለው አይደለም፣ አየር ስለሚይዝ ነው፤ ለሥጋም ቅዝቃዜውን ይይዝለታል። አክስቴ ቅቤዋን በጋቢ ስጠቀልለው «ልታሞቀው ነው?» ብላ ጮኸችብኝ። ከሰዓት በኋላ ስንፈታው ድንጋይ ነበር።

መመለስ የሚቻለውና የማይቻለውን በእጅ መለየት ይቻላል። ውስጡ ገና የበረዶ ቅንጣት ካለው ወይም ፍሪጅ ውስጥ እንደቆየ ያህል፣ ከአራት ዲግሪ ያልበለጠ፣ ከሆነ ተመልሶ ሊበርድ ይችላል፤ ጣዕሙ ትንሽ ይቀንሳል እንጂ አያሳምምም። ሙሉ በሙሉ ለስልሶ ለብ ያለ ሥጋ ግን አይመለስም። ያን ወዲያው መሥራት ነው፤ ከሁለት ሰዓት በላይ በሙቀት ከቆየ ወይም ምን ያህል እንደቆየ የማይታወቅ ከሆነ መጣል።

ታዲያ የትኛውን?

ባዶ ፍሪዘርና ነፃ ቀን ካላችሁ ክዳኑን ከፍታችሁ ቬንትሌተር አዙሩበት። ይህ ምርጫዬ ነው፣ ለራሴም የማደርገው። ምግብ ካለበትና በግማሽ ቀን መጨረስ ካለባችሁ ድስቱን ምረጡ፤ ከግድግዳው አንጻር ብዙ አይርቅም፣ ጊዜውን ግን በብዙ ያሳጥራል። ሰው ቤት ውስጥ ብቻውን ከሆነና ጀርባው የሚያመው ከሆነ ድስት አላዝለትም። ፎንን ለከንፈሩ ብቻ አስቀሩት፤ ድስቱ ከሠራ በኋላ የሚቀረው እዚያ ላይ ነውና ሁለቱ አብረው ያምራሉ።

የመጨረሻው ሥራ ማድረቅ ነው፣ ሰው የሚቸኩለውም እዚህ ላይ ነው። የቀረ ውኃ ፍሪዘሩ እንደተሰካ በረዶ ይሆናል፣ በሳምንት ውስጥ «ምንም አልጠቀመም» ይባላል። አንድ ሊትር ለብ ያለ ውኃ ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጣችሁ ግድግዳውን እበሱት፤ ሽታ ያስለቅቃል፣ አይቧጭርም። በንጹሕ ውኃ አልፉበት፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ። ውታፎቹን መልሱ፤ የውስጡ ከተረሳ እርጥብ አየር ከሥር ይገባል። ክፍቱን ለግማሽ ሰዓት ያህል ተዉት፣ ከዚያ ሰኩት። ምግቡን ወዲያው አታስገቡ፤ ሦስት አራት ሰዓት ባዶውን ሠርቶ ወደ 18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይውረድ።

በዚያችው ባዶ ሰዓት የክዳኑን ጎማ ፈትኑት። አንድ የብር ኖት ግማሹ ውስጥ ግማሹ ውጭ ሆኖ ክዳኑን ዝጉበትና ሳቡት። ጎማው ከያዘው ደህና ነው፤ ያለምንም ግትርነት ከወጣ አየር የሚገባው እዚያ ነው። ዙሪያውን በየስንዝሩ ሞክሩ። የላላበት ቦታ ብዙ ጊዜ በቆሻሻ የደረቀ ወይም የተጣመመ ጎማ ነው፤ በሳሙና አጥባችሁ በሞቀ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ሸፍናችሁ በጣት ብትጎትቱት ይመለሳል። የአክስቴ ፍሪዘር በአንድ በኩል፣ ማጠፊያው አጠገብ፣ ኖቱን እንደ ቅቤ ለቀቀው። ጎማውን ስገለብጠው ያገኘሁት የደረቀ የበርበሬ ዱቄት ነበር። ከዚያ ወዲህ በረዶ የያዘው ያው ጥግ ብቻ እንጂ ዙሪያው አልነበረም፤ ዘንድሮ ስጠይቃት ከከንፈሩ ላይ በጨርቅ ጠርጋ ጨርሳዋለች፣ ድስትም አላፈላችም።